«ረጩት»፦ አንድ የንብ አናቢ ቃለ መጠይቅ ከጥያቄ ዝርዝር እስከ ታረመ ጽሑፍ

ከፍኖተ ሰላም ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ አንድ ንብ አናቢ አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እንደ መንደራቸው ሰው «አያ» እላቸዋለሁ። አሥራ አራት ቀፎ አላቸው። ዘጠኙ በእበት የተለቀለቀ ባህላዊ ቀፎ ነው፣ አምስቱ ዘመናዊ ሣጥን። የእርሳቸውን እውቀት በጥያቄና መልስ መልክ ለማውጣት ተነሥቼ ሥራው ሁለት ወር ፈጀብኝ። የተቀዳው ድምፅ ሲገለበጥ ወደ 9,000 ቃል ሆነ፤ የወጣው ጽሑፍ 1,600 ቃል አይሞላም። እዚህ የምተርከው በመካከል ስለቀረው ቃል ነው። ይበልጡን ግን ስለ አንድ ቃል፣ «ረጩት» ስለሚል።

የመጀመሪያው የጥያቄ ዝርዝሬ ሃያ ሦስት ጥያቄ ነበረው። ማታ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። «ንብ ማነብ ለአካባቢው ማኅበረሰብ ያለው ጠቀሜታ ምንድን ነው?»፣ «በዘርፉ ያጋጠሙዎት ተግዳሮቶች ምን ምን ናቸው?»፣ «መፍትሔውስ ምን ይሁን ይላሉ?» እያልሁ ወረድሁ። አሁን ሳየው ከሃያ ሦስቱ ውስጥ «ንብ» የሚለውን ቃል አውጥቼ «በግ» ብተካበት አሥራ ስምንቱ ምንም አይሆኑም ነበር። ያን ጊዜ ግን አልታየኝም።

አያ ደግሞ ስብሰባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሥልጠና ተጠርተው ሄደዋል፣ አበልም ፈርመዋል፤ «ተግዳሮት» ሲባሉ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ያውቁታል። «የግንዛቤ እጥረት አለ፣ የግብዓት እጥረት አለ፣ የገበያ ትስስር ይጎድላል» አሉኝ። ድምፃቸው ሳይቀር ተቀየረ። አርባ ደቂቃ ቀድቼ ስመለስ በእጄ የነበረው የግብርና ሪፖርት እንጂ የአያ ንግግር አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ ጠየቅሁ፣ በቢሮ ቋንቋ ተመለሰልኝ። «እርስዎ» ማለቴም ሳይጨምርበት አልቀረም። በሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸው «አንቱ» ብሎ ነው፤ «እርስዎ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

ያን ቀን የተረፈኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መቅጃውን ዘግቼ ቡና ስንጠጣ አያ ወደ ቀፎው እየጠቆሙ፣ «ያኛው ሁለት ጊዜ አውራውን ለውጧል፤ ቁጡ ነው» አሉ። መቅጃው ተዘግቷል። የንብ አናቢ አንደበት የመጣው ገና ያኔ ነው።

ሁለተኛውን ዝርዝር ከዚያ ዓረፍተ ነገር ተነሥቼ ሠራሁት። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ብቻ ሆኑ፤ እያንዳንዱን ከአንድ ዕቃ ወይም ከአንድ ቀን ጋር አሰርሁት። «ማር አቆራረጥ እንዴት ነው?» የሚለው «ባለፈው ኅዳር ማር የቆረጡበትን ማታ፣ ኩበቱን ካጨሱበት ጀምረው ይንገሩኝ» ሆነ። «የንብ ጤና ችግሮች» የሚለው «ባዶ የሆነብዎትን ቀፎ መጨረሻ የከፈቱት መቼ ነው? ውስጡ ምን አገኙ?» ሆነ። ሰው ስለ ቀን ሲጠየቅ ቀኑን ያስታውሳል፤ ቀኑን ሲያስታውስ ደግሞ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደሸተተ፣ ምን እንደተባለ አብሮ ይመጣል። ስለ ዘርፍ ሲጠየቅ የሚመጣለት የሰማው ሥልጠና ነው።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ነበረው። እጅ የሚያውቀውን ሥራ አስቀደምሁ፤ ገንዘብና ጎረቤት ያለበትን ወደ ኋላ ገፋሁ። ማር ስንት እንደሚሸጥ መጠየቅ በገጠር ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ስንት ጥማድ በሬ አለህ እንደማለት ነው። መድኃኒት ስለረጨ ማሳ መጠየቅ ደግሞ ማሳው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው። እነዚህን ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ አደረግኋቸው። ዘጠነኛው አያ ራሳቸው እንዲመርጡት ክፍት ቀረ።

ስለ ቀረጻው ባጭሩ። ስልኩን መጀመሪያ ከሸሚዛቸው ኪስ ከተትሁት፤ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ቀድቼ ስሰማው የጋቢው መፋተግ ንግግሩን ውጦታል። ከቀፎው አጠገብ መቀመጥም ያምራል እንጂ ለድምፅ አይሆንም። የንቡ እምታ ለጆሮ ቀላል ነው፣ በመቅጃ ግን ቃሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ከቤት ገብተን በመደቡ ላይ ተቀመጥን፣ ስልኩን በታጠፈ ነጠላ ላይ በመካከላችን አኖርሁት። ጥሪ ገብቶ ቀረጻውን እንዳይቆርጠው የበረራ ሁነታ ላይ አደረግሁት። ሁለተኛ ስልክም ከጎን ቀዳ። ከመጀመራችን በፊት ምን እንደምጽፍ፣ ሰው ሁሉ ሊያነበው እንደሚችል፣ ከመውጣቱ በፊትም እንደማነብላቸው ነገርኋቸው። ተስማሙ፤ ቀፎዎቹ የት እንዳሉ ግን እንዳልጽፍ አሉኝ፣ ሌባ አለና።

ዘጠና አራት ደቂቃ ቀዳን። ከዘጠኙ ጥያቄ በቃሉ የጠየቅሁት አምስቱን ብቻ ነው፤ የቀሩት በሌላው መልስ ውስጥ ራሳቸው መጡ። ጥያቄ ሳልጨምር ዝም ስል አያ ይጨምሩ ነበር። ዝምታውን መጀመሪያ ፈርቼው ነበር፣ በኋላ ግን ጥሩ ጥሩው ነገር ሁሉ ከዝምታ ቀጥሎ የመጣ መሆኑን ከግልባጩ አየሁ።

መገልበጡ ስድስት ማታ ወሰደ። እያጠርሁ ሳይሆን ሁሉንም፣ «እ…» የሚለውን ሳይቀር ጻፍሁት፤ በየሁለት ደቂቃው ሰዓቱን ከጎን አስቀመጥሁ፣ ያልተሰማኝን [አልተሰማም] አልሁ። ለምን ሁሉንም? እየገለበጡ ማረም የሰማኸውንና የመሰለህን ይቀላቅላል። የሚከተለው ምንባብ ባይኖረኝ ኖሮ ይህን ባላመንሁ። ከሃምሳ ስምንተኛው ደቂቃ ጀምሮ ያለው፣ ሳይነካ፣ እንዲህ ነው፦

«እ… እኸውልህ። ያን ጊዜ በቆሎው ከእኔ ይበልጣል። አበባ ይዟል። ሐምሌ ነው… ሐምሌ አይዶለም፣ ፍልሰታ ገብቷል። ረጩት። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ንቡ ሄዷል። የአረም መድኃኒት ነው። ረጩት። እኔ ከጓሮ ነኝ። ልጁ አለ ንቡ መሬት ላይ ነው። ምን መሬት ላይ አልሁ። ስወጣ፣ ምን ልበልህ፣ ከቀፎው ፊት በእጅ ይታፈሳል። ይሽከረከራል። ምላሱን አውጥቶ። ጎረቤቴን ጠየቅሁት፣ ንብ አይነካም ብለውኛል አለ። አይ… ሁለት ቀፎ ባዶ ሆነ። ሌላው ደከመ እንጂ አልሞተም።»

ይህን እንዳነበብሁ የጽሑፉ ርእስ መጣልኝ፦ «የአረም መድኃኒት ንቤን ገደለብኝ»። የመጀመሪያው የታረመ ረቂቄም «ጎረቤቴ በቆሎውን የአረም መድኃኒት ረጨው» ብሎ ይጀምር ነበር። ጥሩ፣ አጭር፣ ግልጽ ዓረፍተ ነገር። ሁለት ስሕተት አለበት።

የመጀመሪያው «ረጩት» ላይ ነው። በአማርኛ «ረጩት» ስንል ብዙ ሰዎች ማለታችን ነው፤ አንድን ሰው አክብረንም እንዲሁ እንላለን። ባለቤቱ ካልተጠራ ከግሡ መለየት አይቻልም። እኔ ከታች «ጎረቤቴ» የሚል ስላየሁ ሁለቱን አገናኘሁ። ግን አያ ስለ ጎረቤታቸው ሲናገሩ «አለ» ነው ያሉ እንጂ «አሉ» አላሉም። የማያንቱትን ሰው በዚያው እስትንፋስ «ረጩት» ብለው አያንቱትም። ስለዚህ «ረጩት» ጎረቤቱን ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህ የታየኝ ረቂቁን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ነው፤ ደወልሁ። «እሱ ብቻ መቼ ሆነና» አሉ አያ፣ «ዙሪያውን ያለ ማሳ ሁሉ በአንድ ሳምንት ነው የተረጨ።» በአንዲት ቃል ለሰፈር ሁሉ የሚካፈለውን ነገር በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ልጭነው ነበር። ያ ሰው ደግሞ ስሙ ባይጻፍም በመንደሩ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ሁለተኛው ስሕተት የአያ ነው፣ እኔም አብሬ ወሰድሁት። የአረም መድኃኒት በብዛት የሚረጨው አረሙ ገና ለጋ ሳለ፣ ሰብሉም አጭር ሳለ ነው። ከሰው ቁመት ያለፈ፣ አበባ የያዘ በቆሎ ውስጥ በነሐሴ ማን የአረም መድኃኒት ይረጫል? ግልባጩን ይዤ አንድ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ። ሰውየው «ምላሱን አውጥቶ» የሚለው ላይ ጣቱን አስቀመጠ። ንብ ከቀፎው በር ፊት ተከምሮ ሲሽከረከርና ምላሱን አውጥቶ ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው የተባይ መድኃኒት ነው አለኝ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ከመጣ ወዲህ ደግሞ በቆሎ ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት የተለመደ ነው። ንቡ ለበቆሎው አበባ ብናኝ ይሄዳል፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ሲረጭ ከሥራው ላይ ያገኘዋል።

ታዲያ የተናጋሪው ቃል ስሕተት ሲሆን ምን ይደረጋል? «የአረም» የሚለውን ሰርዤ «የተባይ» ብል አያ ያላሉትን አስባልኋቸው። እንዳለ ብተወው ያልሆነ ነገር አሠራጨሁ። እንደገና ደወልሁና የጠየቅሁት «ተሳስተዋል ወይ?» ብዬ አይደለም፤ እንዲያ ብል ወይ ይሟገቱኛል ወይ እኔን ለማስደሰት እሺ ይላሉ። «ዕቃውን አይተውት ነበር?» ነው ያልሁ። «አላየሁም» አሉ። «እኛ ሁሉንም መድኃኒት ነው የምንል፤ የአረም ያልሁ እንዲያው ነው።» ይህ መልስ ነገሩን ፈታው። በጽሑፉ «መድኃኒት» ብቻ ብለን ጻፍን። የባለሙያው አስተያየት ከመልሱ ውጭ፣ በእኔ ስም፣ በሁለት መስመር ተቀመጠ። መድኃኒቱ ምን እንደነበር ያየ ሰው ስለሌለም ጽሑፉ ስሙን አይጠራም። ርእሱም ተሰረዘ።

«ልጁ አለ» የሚለውም ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ሲጻፍ ልጁ ተናገረ ይሁን ልጁ በቦታው ነበረ አይለይም፤ ለሁለቱም ፊደሉ አንድ ነው፣ ሲነገር ብቻ «ለ» ይጠብቃል ወይም ይላላል። ድምፁን መልሼ ሰማሁት፤ የላላ ነው፣ ልጁ ተናግሯል። ያን ጊዜ የትእምርተ ጥቅስ ምልክቱን የት እንደማኖር አወቅሁ። የአማርኛ ግልባጭ ያለ ድምፁ ማረም የማይሆነው ለዚህ ነው። ሌላ ሰው የገለበጠልህንማ ድምፁን ሳትሰማ አትንካው። «ንብ አይነካም ብለውኛል አለ» የሚለው ውስጥም በ«ብለውኛል» ውስጥ ያለው «እኔ» ጎረቤቱ ነው እንጂ አያ አይደሉም። ጥቅሱ ካልታጠረ አንባቢ መድኃኒቱ ንብ አይነካም ተብለው የተታለሉት አያ ይመስሉታል።

የታረመው ክፍል በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

ጥያቄ፦ ያን ዕለት ምን አዩ?

መልስ፦ በቆሎው ከእኔ ይበልጣል፣ አበባ ይዟል። ፍልሰታ ገብቷል። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ንቡ ሄዷል። መድኃኒት ረጩት [በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ]። እኔ ከጓሮ ነኝ። ልጁ «ንቡ መሬት ላይ ነው» አለ። «ምን መሬት ላይ?» አልሁ። ስወጣ ከቀፎው ፊት በእጅ ይታፈሳል። ይሽከረከራል፤ ምላሱን አውጥቶ። ሁለት ቀፎ ባዶ ሆነ። ሌላው ደከመ እንጂ አልሞተም።

ከግልባጩ ጋር ቢያስተያዩት የወጣው ትንሽ ነው። «እ…» ወጣ፣ ድግግሞሹ ወጣ፣ «ሐምሌ ነው… ሐምሌ አይዶለም» የሚለው ራሳቸው ያረሙት ስለሆነ ያረሙት ብቻ ቀረ። የጨመርሁት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ነው፣ ማን እንደተናገረው እንዲለይ። አጭር አጭሩን ዓረፍተ ነገር አልገጣጠምሁትም። በመጀመሪያ ረቂቄ «ስወጣም ከቀፎው ፊት ለፊት በእጅ የሚታፈስ ያህል የሞተ ንብ ተመለከትሁ» ብዬው ነበር። ሰዋስው የለበሰ ነው፤ አያ ግን ከውስጡ የሉም። ጥያቄዬም ሲቀዳ ሰባት ዓረፍተ ነገር ነበረ፣ የተንተባተበ። የራሴን ማሳጠር ይፈቀድልኛል፤ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ግን ከመልሱ በላይ መትከል አይፈቀድልኝም፣ የመልሱ ትርጉም ይዞራልና።

ስለ አነጋገር ዘዬው ወስኜ የሠራሁት ነገር አለ፣ የማይስማማ ይኖራል። «አይዶለም» የሚለውን ከዚህ ምንባብ ውጭ ባለ ቦታ ሁሉ «አይደለም» ብዬ ጻፍሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ድምፁን ስሰማ እኔም «አይዶለም» ነው የምል። የእኔን አቃንቼ የእርሳቸውን እንዳለ ብተወው ጠያቂው የተማረ፣ ተጠያቂው ገበሬ መስሎ ይወጣል። የቃል ምርጫውን ግን አልነካሁም። አያ እንቁላል የሚጥለውን ንብ «አውራ» ነው የሚሉት፣ እንደ ወንድ እየጠሩ። ረቂቄ ላይ «ንግሥት» ብዬ ቀይሬ ነበር፤ መልሼ «አውራ» አደረግሁትና መጀመሪያ የተጠራበት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በቅንፍ አስረዳሁ። «አውራው ቁጡ ከሆነ ቤቱ ሁሉ ቁጡ ነው» የሚለው አነጋገራቸው በ«ንግሥቲቱ» ቢነገር ይሞት ነበር።

ቁጥሩንም እንዲሁ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዘመናዊ ቀፎ «ሠላሳ ኪሎ አውጥቻለሁ» ብለው ነበር። እውነት ነው፤ ግን ከየትኛው፣ ስንት ጊዜ? ስጠይቅ ከአንዱ፣ አንድ ዓመት፣ አደይ አበባና ኑግ ደኅና በያዙበት መስከረምና ጥቅምት ሆኖ ተገኘ። ከባህላዊው የሚቆርጡት ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ነው። ሠላሳውን ብቻ ብጽፍ አንባቢ ሠላሳውን በአሥራ አራት ቀፎ አባዝቶ አያን ባለጸጋ ያደርጋቸው ነበር። አያ ደግሞ ያን አይፈልጉም።

በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ስለዚህ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ሁለት ቦታ አስቆሙኝ። አንደኛው ጥፋቴ ነበር፦ ንብ በአበባ እጦት ቀፎውን ጥሎ ስለመሄዱ በሠላሳኛው ደቂቃ የተናገሩትን ከመድኃኒቱ ታሪክ ጋር በአንድ መልስ አገናኝቼው ነበር፣ ርእሱ ይመስላልና። «ይኸን እንዲህ አላልሁም» አሉ። «የተራበ ንብ ይሄዳል፤ ያ ንብ አልሄደም፣ ሞቷል።» ለየሁት። ሁለተኛው ጎረቤቱን ጠይቀው የመለሰላቸው ቃል ነው። በእኔ ዓይን ጥሩ መስመር ነበር፤ «አውጣው፣ ነገ እድር አብረን ነው የምንቀመጥ» አሉኝ። አወጣሁት። ለዚህ ነው ከላይ ከታረመው ውስጥ የሌለው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳኖረው ግን፣ መንደሩ ስላልተጠራ፣ ፈቅደውልኛል።

አንብቤ ስጨርስ «እኔ ይህን ያህል አጭር ነው የምናገር?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዘጠነኛውን ጥያቄ፣ ክፍት የተውሁትን፣ ያን ጊዜ መለሱት። መቅጃ አልከፈትሁም ነበር፤ በእስክሪብቶ ጻፍሁት፣ መልሼ አነበብሁላቸው፣ ከመጨረሻው መልስ በታች «ጽሑፉ ሲነበብላቸው የጨመሩት» ብዬ አስገባሁት፦ «የሚረጭ ሰው ማታ ይርጭ፣ ንቡ ከገባ በኋላ። ሲረጭ ደግሞ ይንገረን፤ በሩን እንዘጋለን።»